ነጻ ምርመራን ማን ይከፍለዋል?

አንድ ሞባይል ጥገና ቤት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። የመጀመሪያው ስክሪኑ ተሰንጥቋል፤ ይበራል፣ ይደወልበታል፣ ጉዳቱም ለማንም ሰው ይታያል። ሁለተኛው ማታ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ አድሮ ጠዋት አልነሣ ብሏል። የሁለቱም ባለቤቶች ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንት ይፈጃል?»

ለመጀመሪያው ጠጋኙ ሞዴሉን አይቶ ወዲያው ዋጋ ሊናገር ይችላል። የስክሪኑን መግዣ ያውቃል፤ ሥራው ስንት ደቂቃ እንደሚወስድበትም ያውቃል። ለሁለተኛው ግን በሐቅ ሊመልስ የሚችለው «ሳልከፍተው አላውቅም» ብሎ ነው። ይህን መልስ መስማት የሚፈልግ ደንበኛ ጥቂት በመሆኑ ብዙ ጠጋኞች ያላወቁትን ነገር ዋጋ ይጠሩለታል። በጥገና ዋጋ ላይ የሚነሣው አብዛኛው ቅሬታ መነሻው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የጥገና ዋጋ በሁለት መንገድ ይቆረጣል። አንደኛው ቁርጥ ዋጋ ነው፤ ሥራው አሥር ደቂቃም ይፍጅ ሁለት ሰዓት፣ ደንበኛው የሚከፍለው አስቀድሞ የተነገረውን ነው። ሁለተኛው በሰዓትና በዕቃ የሚታሰበው ነው፤ የወሰደው ጊዜ ተቆጥሮ፣ የገባው መለዋወጫ ተደምሮ ሒሳቡ መጨረሻ ላይ ይወጣል። በቁርጥ ዋጋ ሥራው ቢከብድ የሚጎዳው ጠጋኙ ነው፤ በሰዓት ከሆነ ደግሞ ባለንብረቱ። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ገና ያልታወቀውን ነገር ኪሳራ ማን ይሸከማል የሚለው ነው።

ከተሰነጠቀው ስክሪን እንጀምር። ሥራው የታወቀ ነው። ጠጋኙ ስልኩን በሙቀት ያለሰልስና ማጣበቂያውን ያላቅቃል፣ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ሶኬት ይነቅላል፣ አሮጌውን ስክሪን ያወጣል። አዲሱን ከማጣበቁ በፊት ሰክቶ ይሞክረዋል፤ ታቹ ከጥግ እስከ ጥግ ይሠራል ወይ? ብርሃኑ እኩል ነው ወይ? ስልኩን ጆሮ ላይ ሲያስጠጉት ስክሪኑ ይጠፋል ወይ? ከዚያ ያጣብቅና ይጫነዋል። ለለመደ እጅ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አልፎ አልፎ ክፈፉ የተጣመመ ወይም ቡሎኑ የተበላ ስልክ ይገጥመዋል፤ ያኔ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ነገር ግን በወር ብዙ ስክሪን የሚቀይር ሰው ቀላሉ ከከባዱ ጋር ተቻችሎለት አማካዩን ያውቀዋል። ለእንዲህ ያለ ሥራ ቁርጥ ዋጋ ለሁለቱም ወገን ይበጃል፤ ደንበኛው ቤቱ ሆኖ ያውቀዋል፣ ጠጋኙም ፈጥኖ በመሥራቱ አይቀጣም።

ቁርጥ ዋጋው ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት አንድ ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተመረጡ ናቸው፤ ገበያው በየቀኑ ሌላ ይላል። ጠጋኙ ስክሪኑን በ4,000 ብር ገዝቶ ሥራውን በ6,000 ይጨርሳል እንበል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «በአንድ ሰዓት 2,000 ብር አተረፈብኝ» ይላል። ይሁንና ከሃያ ስክሪን አንዱ ከሳምንት በኋላ መስመር ቢያወጣ ወይም ታቹ ቢሞት፣ ዋስትና የሰጠ ጠጋኝ ሌላ 4,000 ብር ከኪሱ አውጥቶ በነጻ ይቀይራል። ይህ ኪሳራ ለሃያዎቹ ሲከፋፈል በእያንዳንዱ ሥራ ላይ 200 ብር ይደርሳል፤ ድጋሚ የሚከፍትበትና የሚያጣብቅበት ጊዜ ሳይቆጠር። የቤት ኪራዩ፣ መብራቱ፣ ዕቃ ፍለጋ መርካቶ የሚመላለስበት ሰዓት፣ ሳይሸጥ መደርደሪያ ላይ በተቀመጠ ዕቃ የታሰረበት ገንዘብ፣ ግብሩም ከቀረው ላይ ይወጣሉ። መግዣ ላይ የሚጨመረው ትርፍ የሚሸከመው ይህን ሁሉ ነው።

ስለዚህ ደንበኛው «ስክሪኑን እኔ ገዝቼ ላምጣና የእጅ ብቻ ልክፈልህ» ሲል ጠጋኙ የእጅ ዋጋውን ከፍ ማድረጉ፣ ወይም ለዕቃው ዋስትና አልሰጥም ማለቱ ተገቢ ነው። ዋስትናው የሚኖረው በዕቃው ላይ ካለው ጭማሪ ነበርና ጭማሪው ሲቀር እሱም ይቀራል። ራሱ የገዛው ስክሪን ሲበላሽ ደንበኛው ወደ ሻጩ መሄድ አለበት፤ ሻጩ ደግሞ «ሲገጠም ነው የተበላሸው» ይለዋል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ባለ ስልኩ ነው።

በስክሪን ላይ ሐቀኛ ጭማሪን ከማታለል የሚለየው የመቶኛው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ይልቅ የዕቃው ዓይነት ነው። ለአንድ ስልክ የሚሆን ስክሪን በገበያ ላይ በብዙ ደረጃ ይገኛል። ከሌላ ስልክ የተነቀለ ኦርጅናል አለ፣ በሌላ ፋብሪካ የተሠራ ኦሌድ አለ፣ ኦሌድ ለነበረው ስልክ የሚገጠም ርካሽ ኤልሲዲ ኮፒም አለ። ኤልሲዲ ኮፒው ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል፣ ባትሪ ይበላል፣ አንዳንዴም ወፈር ስለሚል ከክፈፉ ትንሽ ይወጣል። ኮፒ ገዝቶ በኮፒ ዋጋ መሸጥ ነውር የለውም። የኮፒን ዕቃ በኦርጅናል ስም መሸጥ ግን ጭማሪው ትንሽም ቢሆን ማታለል ነው። አይፎን 12 እና ከዚያ ወዲህ ለወጡ አይፎኖች ደንበኛው ራሱ የሚያይበት መንገድ አለ፦ `Settings`፣ ከዚያ `General`፣ ከዚያ `About` ሲገባ ስክሪን ወይም ባትሪ ተቀይሮ ከሆነ `Parts and Service History` የሚል ክፍል ይታያል፤ የኩባንያው ያልሆነ ዕቃ ከገባ `Unknown Part` ብሎ ይናገራል። ይህ ጽሑፍ መታየቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው «ኦርጅናል ነው» ተብሎ ከተከፈለ በኋላ ሲታይ ነው።

አሁን ወደማይነሣው ስልክ እንሂድ፤ የዋጋው ነገር የሚከብደው እዚህ ነው።

ጥሩ የቦርድ ጠጋኝ እንዲህ ያለውን ስልክ ሲቀበል መጀመሪያ ቀላሉን ያጣራል፤ ባትሪው ሞቶ ይሆን? ስክሪኑ ብቻ ጠፍቶ ስልኩ ግን ይሠራ ይሆን? የቻርጅ ቀዳዳው ውስጥ ከኪስ የገባ ብናኝ ተጠቅጥቆ ይሆን? ከዚያ ስልኩን ይከፍታል፣ ባትሪውን ነቅሎ ቦርዱን ከፓወር ሰፕላይ ጋር ያገናኛል፣ የሚስበውንም ከረንት ያያል። ማብሪያው ሳይነካ ገና በሰኩት ቅጽበት ቆጣሪው ከፍ ካለ ዋናው የኃይል መስመር ላይ ሾርት አለ። ማብሪያው ተጭኖ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ከቀረ ችግሩ ማብሪያው፣ መስመሩ ወይም ኃይል የሚያከፋፍለው አይሲ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ስቦ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ስልኩ መነሣት ጀምሮ መሐል ላይ ተይዟል፤ ያኔ ከቦርዱ ሌላ የሶፍትዌር ችግርም ይጠረጠራል። ቆጣሪው ቦታውን ይጠቁማል፤ ስሙን ግን አይናገርም።

ሾርት ነው እንበል። ጠጋኙ በመስመሩ ላይ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ይለቅና የቱ ዕቃ እንደሚሞቅ ይፈልጋል። አንዳንዱ በሙቀት ካሜራ ያያል፤ ካሜራ የሌለው ቦርዱን በሮዚን ጭስ ይሸፍነውና ሮዚኑ መጀመሪያ የሚቀልጥበትን ነጥብ ይለያል፤ ሌላው አልኮል ቀብቶ ቀድሞ የሚደርቀውን ቦታ ያያል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንስ ካፓሲተር ናት። እሷን በሙቅ አየር አንሥቶ በሌላ ሲተካት ስልኩ ይነሣል።

የካፓሲተሯ ዋጋ እዚህ ግባ አይባልም። ከወደቀ ቦርድ ተነቅላ የመጣች ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አልተገዛችም። ታዲያ ደንበኛው «ለዚህች ፍንጣሪ 2,000 ብር?» ሲል ጠጋኙ ምን ይመልስ? የተሸጠው ዕቃው እንዳልሆነ፣ በመቶዎች ከሚቆጠሩት መካከል የቷ እንደሆነች ማወቁ እንደሆነ መናገር ይኖርበታል። ብዙ ጠጋኞች ግን ይህን ክርክር ስለሚፈሩ ሌላ መንገድ ይመርጣሉ፤ «አይሲው ተቃጥሎ ነበር፣ ቀየርኩት» ይላሉ። ደንበኛው ለዕቃ መክፈል ስለሚቀለው ለዕውቀት የሚገባው ገንዘብ የሌለ ዕቃ ስም ይለብሳል። ውሸቱ እንዲህ ከትንሽ ነገር ይጀምርና የሥራው ልማድ ይሆናል።

ለእንዲህ ያለ ስልክ በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ከተማ የተለመደው ስምምነት «ከተሠራ ትከፍላለህ፣ ካልተሠራ ምንም» የሚለው ነው። ለደንበኛው ደግ ይመስላል። ሒሳቡን እንየው። አንድ የቦርድ ጠጋኝ ኪራዩንና ኑሮውን ለመሸፈን በሰዓት 600 ብር ያስፈልገዋል እንበል። አሥር የማይነሡ ስልኮች ይቀበላል፤ ተሠሩም አልተሠሩም በአማካይ ሁለት ሁለት ሰዓት ይፈጁበታል። ሃያ ሰዓት ማለት 12,000 ብር ነው። ከአሥሩ ስድስቱ ብቻ ቢነሡ ይህን ገንዘብ የሚከፍሉት ስድስቱ ባለቤቶች ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው 2,000 ብር። ይህም ማለት ስልኩ የተነሣለት ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን ያልተነሡትንም አራት ስልኮች ድካም ይከፍላል። ነጻ የተባለው ምርመራ ሌላ ሰው ሒሳብ ላይ ተጽፏል።

ያው ጠጋኝ ከአሥሩም 500 ብር የምርመራ ቢቀበልስ? 5,000 ብር ከምርመራ ይገኛል፤ የቀረው 7,000 ለስድስቱ ሲከፈል ለእያንዳንዱ 1,170 ገደማ ይደርሳል። ስልኩ የተነሣለት ምርመራውን ጨምሮ ወደ 1,670 ብር ይከፍላል፣ ያልተነሣለት 500 ብር። ማንም የማንንም አልተሸከመም ለማለት ባይቻልም ሸክሙ ቀርቧል። ልዩነቱ ግን በብሩ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። «ካልተሠራ ምንም» በሚለው ስምምነት ጠጋኙ አስቸጋሪ ስልክ ሲገጥመው ቶሎ መተው ይጠቅመዋል፤ አንድ ሰዓት ታግሎ ቢፈልግ የሚያገኘውን ጥፋት ሳያይ «ቦርዱ ሞቷል» ብሎ ይመልሰዋል። ወይም ደግሞ በችኮላ ሙቀት ለቆበት ሊዳን የሚችለውን ቦርድ ይገድለዋል። ስልኩን ቀጥሎ የሚያየው ጠጋኝ ከፍቶ «የተነካ ነው» የሚለው ይህንን ነው።

የምርመራ ክፍያም የራሱ አደጋ አለው፤ ይህን መሸሸግ ልክ አይሆንም። ስልኩን ሳይከፍት 500 ብሩን ተቀብሎ «አይሠራም» የሚል ሰው ምንም ሳይሠራ ሊኖር ይችላል። መከላከያው ምርመራውን ራሱን የቻለ ሥራ አድርጎ ማየት ነው። ሥራ ከሆነ ውጤት አለው፤ ውጤቱም በወረቀት መውጣት ይችላል፦ ስልኩ ምን ያህል ከረንት ሳበ፣ ሾርት ያለው የትኛው መስመር ላይ ነው፣ ውኃ ገብቶት ነበር ወይ፣ የቱ ዕቃ ይቀየር፣ ስንት ያወጣል፣ የመዳን ተስፋው ምን ያህል ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ ደንበኛ ሌላ ጠጋኝ ዘንድ ቢሄድ እንኳን የከፈለው ገንዘብ አልባከነም፤ ሁለተኛው ጠጋኝ ከዜሮ አይነሣም። «ተቃጥሏል» የሚል አንድ ቃል ብቻ ከተሰጠው ግን ምርመራ አልተሸጠለትም። ጥገናው እዚያው የሚሠራ ከሆነ የምርመራው ክፍያ ከጠቅላላው ዋጋ ላይ መቀነስ ወይም አለመቀነሱም አስቀድሞ መነገር አለበት። ሁለቱም አሠራር አለ፤ የሚያጣላው ሳይነገር ሲቀር ነው።

በሰዓት ማስከፈልስ? ለማይነሣ ስልክ በሰዓት ማስላት ፍትሐዊ ቢመስልም አንድ ጉድለት አለበት፤ ቀርፋፋውን ይክሳል። ልምድ ያለው ሰው በአርባ ደቂቃ የሚያገኘውን ሾርት ጀማሪው አራት ሰዓት ሊፈልገው ይችላል፤ በሰዓት ከታሰበ ጀማሪው የበለጠ ይከፈለዋል። ደንበኛውም መጋረጃው ጀርባ ስልኩ ስንት ሰዓት ጠረጴዛ ላይ እንደቆየ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ በሰዓት መሥራት የሚቻለው ጣሪያ ሲኖረው ነው። «እስከ 2,500 ብር ድረስ ሥራው፣ ከዚያ የሚያልፍ ከመሰለህ ከመቀጠልህ በፊት ደውልልኝ» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጠብ ያስቀራል። ጣሪያውን ለመወሰን ደግሞ የስልኩን የገበያ ዋጋ ማወቅ ይበቃል፤ 8,000 ብር የሚሸጥ ስልክ ላይ 6,000 ብር ማውጣት የሚያዋጣው ውስጡ ያለው ፎቶና ሰነድ ሌላ ቦታ ካልተቀመጠ ብቻ ነው። እንደዚያ ከሆነም ለጠጋኙ ከመጀመሪያው መናገር ያስፈልጋል። መረጃውን ለማውጣት ስልኩ አንዴ ቢነሣ ይበቃል፤ ለዓመታት እንዲያገለግል ማድረግ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ዋጋ ነው።

ወደ ዕቃ ጭማሪው እንመለስ፤ ነጻ ምርመራ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው በእሱ በኩል ነውና። «ስልኬ ቻርጅ አላደርግ አለ» ብሎ የሚመጣ ሰው ሁለት ዓይነት መድኃኒት ሊያገኝ ይችላል። አንዱ ቀዳዳው ውስጥ የተጠቀጠቀውን ብናኝ በቀጭን ፕላስቲክ ወይም በእንጨት ስንጥር አውጥቶ ማጽዳት ነው፤ አምስት ደቂቃ። ሌላው የቻርጅ ቦርዱን መቀየር ነው፤ ዕቃው ይሸጣል፣ ትርፍ አለው። ምርመራው ነጻ፣ የእጅ ዋጋውም ከዕቃው ጋር ብቻ የሚከፈል ከሆነ እውነቱን ተናግሮ ያጸዳው ጠጋኝ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ያላስፈለገ ዕቃ የቀየረው ይከፈለዋል። ደንበኛው ሁለቱንም ጊዜ ስልኩ ቻርጅ ሲያደርግ ስላየ ልዩነቱን አያውቅም። እኛ ደንበኞች «ዓይተህ ብቻ ንገረኝ፣ ለማየት አልከፍልም» ስንል ሐቀኛውን ሰው እየቀጣን፣ ዕቃ ቀያሪውን እየሸለምን ነው። ለምርመራና ለእጅ መክፈል ከጀመርን ግን «ቆሻሻ ብቻ ነበር» ማለት የሚያስከስር እውነት መሆኑ ይቀራል።

ጭማሪው በመቶኛ ብቻ ሲታሰብም ሌላ ጉድለት ያመጣል። 50 በመቶ በ500 ብር ዕቃ ላይ 250 ብር ነው፤ በ12,000 ብር ስክሪን ላይ 6,000 ነው። የመፍታትና የመግጠም ድካሙ ግን ሃያ አራት እጅ ቀርቶ ሁለት እጅ እንኳን አይለያይም። አስተዋይ ጠጋኞች ዕቃው በተወደደ ቁጥር መቶኛውን ይቀንሳሉ፤ ለርካሹ ዕጥፍ ቢጨምሩ ለውዱ ሩብ ወይም ከዚያ በታች ያደርጉታል፤ የእጅ ዋጋውን ለብቻው ይጽፋሉ። ደረሰኝ ላይ «ዕቃ» እና «የእጅ» ተለይተው ሲጻፉ ደንበኛው የሚከራከርበትን ነገር ያውቃል፣ ጠጋኙም የሚኮራበትን።

የዕቃው መግዣ ራሱ የማይቆም መሆኑም መታወቅ አለበት። የስልክ መለዋወጫ ከውጭ ነው የሚመጣው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በሰኔ በተነገረ ዋጋ በነሐሴ ስክሪን እንዲቀየርለት የጠየቀ ሰውና ጠጋኙ ቢጣሉ ሁለቱም እውነት ነበራቸው። የተነገረ ዋጋ እስከ መቼ እንደሚጸና መናገር ከዚያ ወዲህ የግድ ሆኗል፤ «ይህ ዋጋ እስከ ዓርብ ነው» ማለት ማስፈራራት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

የቤት ዕቃ ጥገና ላይ አንድ ነገር ይጨመራል፤ ባለሙያው ነው የሚመጣው። ፍሪጅ ተሸክሞ ጥገና ቤት የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በመንገድ ያለፈ ሁለት ሰዓትና የትራንስፖርት ወጪ፣ ፍሪጁ ቢሠራም ባይሠራም፣ መከፈል ይገባዋል። ይህን የመምጫ ክፍያ በስልክ ሲጠሩ መስማማት ይሻላል።

በፍሪጅ ላይ ቁርጥ ዋጋ የሚያሳስተው «ጋዝ መሙላት» በሚባለው ሥራ ነው። «ፍሪጁ አልቀዘቅዝ አለ» ሲባል «ጋዝ አልቋል፣ ይህን ያህል ብር ይሞላል» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። የፍሪጅ ጋዝ ግን እንደ ነዳጅ እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር ነው። ከጎደለ የሆነ ቦታ አፍስሷል ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይፈለግ የተሞላ ጋዝ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል፤ ደንበኛውም ያንኑ ቁርጥ ዋጋ ደግሞ ይከፍላል። በአግባቡ የሚሠራ ሰው ቧንቧውን በናይትሮጅን ግፊት ይፈትናል፣ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ያያል፣ ቀዳዳውን ይበይዳል፣ ማጣሪያውን ይቀይራል፣ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን ያወጣል፣ ከዚያ ጋዙን በሚዛን ለክቶ ይሞላል። የሚሞላው ትንሽ ነው፤ አር600ኤ በሚጠቀም የቤት ፍሪጅ ውስጥ ብዙ ጊዜ መቶ ግራም እንኳን አይሞላም፣ መጠኑም ከጀርባው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ይህ ጋዝ ተቀጣጣይ ስለሆነ በቸልታ የሚበየድ አይደለም።

እንግዲህ ጋዙ ራሱ ርካሹ ክፍል ነው፤ ጊዜ የሚበላው ቀዳዳውን መፈለግ ነው። ቀዳዳው ከውጭ ከሚታየው መጋጠሚያ ላይ ከሆነ በአንድ ሰዓት ይገኛል፤ በግድግዳው ፎም ውስጥ ከተቀበረው ቧንቧ ላይ ከሆነ ግን ጨርሶ ላይገኝ ይችላል። ለዚህ ሥራ የሚስማማው በሁለት ደረጃ መስማማት ነው፦ ለመምጫውና ለፍተሻው ቁርጥ ክፍያ፣ ቀዳዳው ከታወቀ በኋላ ለመበየዱና ለመሙላቱ ሌላ ቁርጥ ዋጋ። ፍሪጁ የማይቀዘቅዘው በጋዝ ሳይሆን ኮምፕረሰሩን በሚያስነሣው ሪሌ ከሆነም ፍተሻው ያንን ያወጣዋል፤ ሪሌው ከኮምፕረሰሩ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ ትንሽ ነው። «ኮምፕረሰሩ ሞቷል» የተባለ ሰው ሪሌው ተቀይሮ ተሞክሮ እንደሆነ ቢጠይቅ አያፍርም።

ይህ ሁሉ በሕግ የተያዘባቸው አገሮች አሉ። በካሊፎርኒያ የኤሌክትሮኒክስና የቤት ዕቃ ጠጋኝ ለዕቃውና ለእጅ የሚያስከፍለውን ግምት በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ደንበኛው ሳይስማማ ከግምቱ በላይ ማስከፈል አይችልም። ብልሽቱን ለማወቅ ለሠራው ሥራ ተገቢ ክፍያ መጠየቅ ግን ይፈቀድለታል፤ ደንበኛው አስቀድሞ እንዲያውቀው ከተደረገ። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን መብታቸውን ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጥገና መመሪያ ለጠጋኞች አንድ ወጥ ቅጽ አዘጋጅቷል። ቅጹ ብልሽቱን፣ የሚሠራውን ሥራና ዋጋውን ይይዛል፤ ዋጋው አስቀድሞ የማይታወቅ ከሆነ እንዴት እንደሚሰላና ከስንት እንደማይበልጥ ይጻፍበታል። ጠጋኙ ቅጹን ከሰጠ በኋላ ያሰፈረው ነገር ቢያንስ ለ30 ቀን ይጸናል። ለምርመራ የሚያስፈልገውን ወጪ ማስከፈልም አይከለከልም፤ ብቻ አስቀድሞ ይነገር ይላል። ሁለቱም ሕጎች ምርመራ በነጻ ይሁን አላሉም፤ ምርመራ ሥራ መሆኑን ተቀብለው ዋጋው እንዲነገር ነው ያዘዙት።

በእኛ አገርም በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ እንዲያሳይ፣ ለገዢውም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። ስክሪንና ባትሪ ለመቀየር በየሞዴሉ ዋጋ የተለጠፈበት ጥገና ቤት ማየት ይቻላል። የምርመራ ዋጋ ተለጥፎ ማየት ግን ብርቅ ነው። እስካሁን ያልለመድነው ይህንን ነው።

ለጠጋኞች የምለው አለኝ። ለማየት የምታጠፉትን ሰዓት አትደብቁት፤ ዋጋ ስጡትና ለጥፉት። የእጃችሁን ዋጋ በሌለ አይሲ ስም አታስከፍሉ። ያወጣችሁትን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ መልሱ፤ የተቀየረ ነገር ካለ በዓይኑ ይየው።

ስልክ ወይም ፍሪጅ ለምታስጠግኑ ደግሞ፦ ዕቃችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ብልሽቱ የታወቀ ነው ወይስ ገና የሚፈለግ? ብላችሁ ጠይቁ። የታወቀ ከሆነ ቁርጥ ዋጋ ጠይቁ፣ የሚገባው ዕቃ የትኛው ደረጃ እንደሆነና ዋስትናው ለስንት ቀን እንደሆነ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ገና የሚፈለግ ከሆነ ለምርመራው ክፈሉ፣ ውጤቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ከዚህ በላይ እንዳይሄድ የምትሉትን ጣሪያ ተናገሩ። ስልኩ የሚበራ ከሆነ `*#06#` ደውላችሁ የሚወጣውን ቁጥር ደረሰኙ ላይ አስጽፉት፤ ስትረከቡም አመሳክሩት።